የዶሮ ወጥ እንቁላል ስንጥቅ «ጌጥ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ያነበበው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«የዶሮ ወጥ እንቁላልን በቢላ መሰንጠቅ ጌጥ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። የበሰለ ነጭ ድፍን ነው፤ ቅመም አያሳልፍም። ደግሞም ሳይሰነጠቅ ወጡ ውስጥ ቆየት ካለ ጨውም በርበሬም በራሱ ጊዜ ይገባዋል። የተሰነጠቀ እንቁላል አስኳሉን ይለቅና ወጡን ያበላሻል። ወጡ እንዲደርሰው የፈለገ ሰው ማዕድ ላይ ለሁለት ከፍሎ ያጥቅሰው።»

ጸሐፊው ድስት አጠገብ የቆመ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። የተሰነጠቀ እንቁላል ሲበላሽ አይቷል፤ ያየውንም አልዋሸም። ችግሩ ያየውን ነገር ለሌላ ምክንያት መስጠቱ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች እርስ በርስ ይጣላሉ። ነጩ ምንም የማያሳልፍ ድፍን ከሆነ ወጡ ውስጥ መቆየቱ ምን ይፈይድለታል? መቆየት የሚያስገባ ከሆነስ ድፍንነቱ የት ሄደ? ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት። እኛ ግን ሁለቱንም በግማሽ እንቀበላለን፤ ምክንያቱም መልሱ «ምን ይገባል፣ ምን አይገባም» በሚለው ላይ ነው ያለው።

የእንቁላል ነጭ ከመቶው 88 ያህሉ ውኃ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ፕሮቲን ሲሆን ስብ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሲበስል ፕሮቲኑ እንደ መረብ ተያይዞ ውኃውን በመካከሉ ይዞ ይረጋል። ስለዚህ የበሰለ ነጭ ድንጋይ አይደለም፤ በውኃ የተሞላ ረቂቅ ወንፊት ነው። በውኃ የሚሟሟ ነገር፣ ለምሳሌ ጨው፣ በዚህ ወንፊት ውስጥ ቀስ እያለ ይሄዳል። በርበሬ ግን ሌላ ነው። ማቃጠሉም ቀለሙም ውኃ ውስጥ አይሟሙም፤ የሚሟሙት ስብ ውስጥ ነው። ሽንኩርቱ ተቁላልቶ በርበሬው ከገባ በኋላ ቅቤው ወይም ዘይቱ ቀይ ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣው፣ ውኃ ብቻ የጨመርንበት በርበሬ ግን ደብዛዛ ሆኖ ታች የሚዘቅጠው ለዚህ ነው። ያ ቀይ ስብ ውኃ የሞላውንና ስብ የሌለበትን ነጭ ሲያገኝ ገጹን ቀባ አድርጎ ይቆማል። ሳይሰነጠቅ ወጥ ውስጥ የቆየ እንቁላል ለሁለት ሲከፈት ዙሪያው ቀጭን ቀይ ክር ያሰረ ይመስላል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው፣ እንደ በረዶ።

እንግዲህ ስንጥቅ በርበሬውን ወደ ነጩ «ያሰርገዋል» የሚል ሰው ካለ እሱም ተሳስቷል፤ ጽሑፉ እዚህ ላይ ልክ ነው። በስንጥቁም ግራና ቀኝ ቀለሙ ዘልቆ የሚገባው ከሚሊ ሜትር አያልፍም። ስንጥቁ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ ወጡን ራሱን፣ የተቁላላውን ሽንኩርት ከነበርበሬውና ከነቅቤው፣ ነጩ መካከል ይዞ ይገባል። በራሱ ሊገባ የማይችለውን ነገር በበር ማስገባት ነው። የተላጠ እንቁላል ገጹ ለስላሳና አንሸራታች ስለሆነ ወጡ ላዩ ላይ አይቆይለትም፤ በእንጀራ ሲነሳ እንኳ ተንሸራቶ ይቀራል። ቢላ ያለፈበት ቦታ ግን ሻካራ ነው። እንቁላሉ ወጡ ውስጥ ዳግም ሲሞቅ የስንጥቁ ከንፈር ፈቀቅ ይላል፤ ቁሌቱም እዚያ ተቀርቅሮ ይቀራል። ለዚህም ነው በሹካ መውጋት የስንጥቅን ያህል የማይሠራው። የሹካ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ወዲያው ይገጥማል፤ ቢገባበት ቀጭኑ መረቅ እንጂ የተቁላላው ሽንኩርት አያልፍበትም።

የስንጥቅ ደጋፊዎች «ገጹን ያሰፋዋል» ሲሉ ይሰማል። ይህ እውነት ቢሆንም ሲጋነን አይወድም። 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና 3 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ አንድ ስንጥቅ በሁለት ጎኑ ወደ 2.4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ ይጨምራል፤ አራት ስንጥቅ ወደ 10 ገደማ። የአንድ መካከለኛ እንቁላል ገጽ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል ጭማሪው አንድ ስድስተኛ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ለውጡን ሁሉ የሚያመጣው እሱ አይደለም። ትልቁ ጥቅም ርቀቱን ማሳጠሩ ነው፤ ይህም ወደ ሁለተኛው ነጥብ ይወስደናል።

ጨው በነጩ ውስጥ የሚጓዝበት መንገድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በግማሽ ሰዓት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከገባ 4 ሚሊ ሜትር ለመግባት ሁለት ሰዓት፣ 6 ሚሊ ሜትር ለመግባት ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል ማለት ነው። የነጩ ውፍረት ከቦታ ቦታ ቢለያይም ወፍራም በሆነበት ቦታ 6 ሚሊ ሜትር ያህል እንያዝ። ሳይሰነጠቅ ከውጭ ተነስቶ አስኳሉ ጋ ለመድረስ ሙሉውን 6 ሚሊ ሜትር መጓዝ አለበት። በ3 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ ሥር ግን ወጡ ግማሹን መንገድ ጨርሶ ነው የሚጀምረው፤ የቀረው ግማሽ ርቀት ደግሞ የሩብ ጊዜ ጉዳይ ነው። ከስንጥቁ አጠገብ ያለው ነጭም ከላይም ከጎንም ወጥ ያገኘዋል።

«ቆየት ይበል» የሚለው ምክር ጨውን በተመለከተ ከንቱ አይደለም። ያደረ ዶሮ ወጥ ውስጥ ያለ ያልተሰነጠቀ እንቁላል በማግስቱ ጨው ገብቶት ይገኛል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ማደርና እሳት ላይ መቆየት አንድ አይደሉም። እንቁላሉ ጨው እስኪገባው ብሎ ሰዓታት የሚያንተከትከው ሰው የሚያገኘው ጎማ ነው፤ የነጩ መረብ እየጠበቀ ሄዶ ውኃውን ይተፋል፣ የአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሽታውም ይከብዳል። በርበሬው ደግሞ፣ አስቀድመን እንዳልነው፣ ቢያድርም ከገጹ አይዘልቅም። ነገሩን በዓይን ማየት ለሚፈልግ አንድ ድስት ይበቃል። ሦስት እንቁላል ይቀቀል፤ አንዱ ድፍኑን ይቅር፣ ሁለተኛው በሹካ ይወጋ፣ ሦስተኛው ይሰንጠቅ። አብረው ይግቡ፣ በመለስተኛ እሳት 20 ደቂቃ ይቆዩ፣ ድስቱ ወርዶ ሌላ 20 ደቂቃ ይረፉ። ከዚያ ወጡ በለብ ባለ ውኃ ታጥቦ፣ እንቁላሎቹ በጨርቅ ደርቀው በወርዳቸው ይቆረጡ። በድፍኑ ላይ ቀይ ክር፣ በተወጋው ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ በተሰነጠቀው ላይ ደግሞ ከዳር ወደ መሐል የገቡ ቀይ ጨረሮች ይታያሉ። ያኔ ከድፍኑ ውስጠኛ ነጭ ቀንሶ መቅመስ ነው፤ ምላስ የሚያውቀው የተቀቀለ እንቁላል ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ መውሰድ ይገባዋል፣ ምክንያቱም እውነተኛ ብልሽት ነው። አስኳል የሚወጣው ግን ስለተሰነጠቀ ሳይሆን ከሦስት በአንዱ ምክንያት ነው፤ እንቁላሉ በደንብ አልበሰለም፣ ቢላው ጠልቋል፣ ወይም አስኳሉ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል።

የመጀመሪያው እኛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በተለይ የሚያጋጥም ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃዋ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስትሆን 96 ገደማ ትደርሳለች። መንዝ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ወደ 90 ይወርዳል። ነጩ ጠንከር ብሎ ቢላ የሚይዘው ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲያልፍ ስለሆነ፣ ደጋ ላይ የሚፈላ ውኃ ከዚያ ያለው ብልጫ አሥር ዲግሪ ብቻ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ ግን ሃያ ነው። ስለዚህ «እንቁላል 10 ደቂቃ ይቀቀል» የሚለው የተለመደ ምክር ሸዋ ሮቢት ላይ ለጥቂት ያጎድላል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በደንብ ያጎድላል። አስኳሉ መሐሉ ላይ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ነጩም ልል ስለሆነ በቢላ ሲነካ ይቦደሳል። ውኃው ከፈላ በኋላ ቆላው 12፣ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ 15፣ መንዝ 16 ደቂቃ ቢሰጡት ይህ ችግር ይጠፋል። እሳቱን ማንደድ አያፋጥነውም፤ ውኃው ቢንተከተክም ቢንፈቀፈቅም ሙቀቱ ያው ነው፣ ትርፉ የቅርፊት መሰንጠቅ ብቻ ነው።

አስኳሉ ወደ ጎን የሚሸሸው እንቁላል ሲቆይ ነው። በዐቢይ ጾም ዶሮዋ መጣሏን አታቆምም፣ እኛ ግን 55 ቀን እንቁላል አንነካም፤ ስለዚህ ለፋሲካ የሚቀቀለው እንቁላል ብዙ ጊዜ የሰነበተ ነው። የሰነበተ እንቁላል መልካም ጎን አለው፤ ትናንት ከተጣለው ይልቅ በቀላሉ ይላጣል። ነጩ ግን ስለሚቀጥን አስኳሉን መሐል ላይ አይይዘውም፤ ወደ ላይ ተንሳፍፎ አንዱ ጎን ወረቀት ያህል ሳስቶ ይቀራል። ሐበሻ እንቁላል ሲሆን ደግሞ ከመነሻውም ትንሽ ነው። መላው ቀላል ነው፤ ውኃ ውስጥ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች፣ ነጩ ገና ሳይረጋ፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ ማንከባለል። አስኳሉ መሐል ላይ እያለ ነጩ ዙሪያውን ይረጋል።

እንግዲህ ለአንድ ዶሮ፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ለተቁላላበት ድስት፣ አሥር እንቁላል እንበል። እንቁላሎቹ በፈላ ውኃ ውስጥ በማንኪያ ይግቡ፣ ይንከባለሉ፣ ጊዜያቸው ሲሞላ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይዘፈቁ። ሞቅ እንዳሉ መላጥ ይቻላል፤ መሰንጠቁ ግን በደንብ ከቀዘቀዙ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም የቀዘቀዘ ነጭ በቢላ ጥርት ብሎ ይቆረጣል፣ የሞቀው ይቀደዳል። ገጹ በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ፤ እርጥብ እንቁላል መዳፍ ውስጥ ሲንሸራተት ቢላው የሚሄድበት አይታወቅም። ቢላው ቀጭንና ስል ይሁን፤ ያልተሳለ ቢላ ተጭነው ካልሆነ አይገባም፣ ሲገባ ደግሞ ድንገት ጠልቆ ነው።

ስንጥቁ በቁመት ይውረድ። በወገቡ ዙሪያ የተሰነጠቀ እንቁላል በማማሰያ ሲነካ ለሁለት ይሰበራል። ከሾጣጣው ጫፍ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተጀምሮ ወፍራሙ ጫፍ ሳይደረስ ይቁም፤ ወፍራሙ ጫፍ ላይ አየር የነበረበት ጎድጓዳ ስላለ ነጩ እዚያ ሳሳ ይላል። አራት ስንጥቅ ይበቃል። ጥልቀቱ የአንድ የስንዴ ፍሬ ውፍረት ያህል፣ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለትንሽ የሐበሻ እንቁላል ከዚያም ዝቅ ይላል። መጥለቁ የሚታወቀው በቢላው ጫፍ ነው፤ ነጭ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ዱቄት ከያዘ አስኳሉ ተነክቷል። ያኔ ያንን እንቁላል ለብቻ አስቀምጦ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ስንጥቁን ወደ ላይ አድርጎ ማስገባት ነው። ቢጫው ዱቄት ብዙ ከሆነ ወጡን በእርግጥ ያደፈርሰዋል፤ ጽሑፉ ያየው ይህንን ይመስለናል።

የሚገቡበትም ሰዓት ቁም ነገር አለው። ዶሮው ሊበስል ሲቃረብ፣ መከለሻው ሳይነሰነስ፣ ከመውረዱ 20 ደቂቃ በፊት ነው። ወጡ ማማሰያ ሲሳብበት መንገዱ ታይቶ ቀስ ብሎ የሚገጥም መሆን አለበት። ቀጭን ከሆነ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ይፈሳል፤ እንቁላሉ ማዕድ ላይ ሲደርስ ስንጥቁ ባዶ ነው። ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ ላዩ ላይ ይለጠፋል እንጂ አይገባም፤ እንዲህ ሲሆን ግማሽ ጭልፋ ሙቅ ውኃ ጨምሮ ማላላት ነው። እንቁላሎቹ ከገቡ በኋላ ማማሰያ ይቅር። ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዞ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ እንቁላሉን ያገላብጠዋል፤ ማማሰያ ግን የስንጥቁን ከንፈር እየገመጠ ይጥላል፣ ወጡ ላይ የሚታየው ነጭ ፍርፋሪም ከዚያ የመጣ ነው።

አንድ ነገር ግን ለጽሑፉ ጸሐፊ እንጨምርለት፣ እሱ ያላነሳውን። ቁሌቱ ያልበሰለ ከሆነ ስንጥቅ ይጎዳል። ጥሬ ጥሬ የሚል በርበሬ ድፍን እንቁላል ላይ ሲሆን ይንሸራተታል፤ ስንጥቅ ውስጥ ግን ተሰብስቦ ይጠብቃል። ጨው የበዛበት ወጥም እንደዚሁ ነው። የተሰነጠቀ እንቁላል የወጡን ሙያ አያድንም፣ ያጋልጣል።

አራተኛው ነጥብ ብዙ አያከራክርም። ለሁለት ተከፍሎ ወጥ የፈሰሰበት እንቁላል አይበላም አንልም። ሲከፈል ግን ወጡን የሚያገኘው አስኳሉ ነው፤ ደረቅና ስብ ያለው ስለሆነ ወዲያው ይመጠዋል። የተቆረጠው የነጩ ገጽ እንደ መስተዋት ለስላሳ ነው፣ ክቡ ጀርባውም እንደነበረ ነው፤ ወጡን ለመምጠጥ ጊዜም ሙቀትም አላገኘም። ደግሞም ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ እንቁላል በሚታደልበት ማዕድ ላይ ሙሉው እንቁላል ድርሻ ነው፤ አራት ስንጥቅ ሙሉነቱን አይነካውም፣ ለሁለት መክፈል ግን ይነካዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የጽሑፉ አሠራር በትክክል የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ። ቤት ውስጥ በርበሬ የማይችል ሕፃን ካለ፣ ከአሥሩ ሁለቱ ሳይሰነጠቁ ይግቡ። ሲወጡ በለብ ባለ ውኃ ቢለቀለቁ ቀዩ ከገጻቸው ይለቃል፣ ውስጣቸውም አያቃጥልም።